ገመድ አልባ ቻርጀሩ ስልኬን ምጣድ አደረገው፤ ጥፋቱ የከቨሩ ነው የብረቱ?

ሰብለ_ካዛንቺስ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

እንዴት አመሻችሁ። ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር አናዶኛል።

ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ገመድ አልባ ቻርጀር ይዞልኝ መጣ። ክብ፣ ጥቁር፣ ጀርባው ላይ 15 ዋት ይላል። ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ 34 ፐርሰንት ነበር። ላዩ ላይ አስቀምጬው ተኛሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ስነሳ 41 ነው። ሰባት ሰዓት ሙሉ ተጥዶ ሰባት ፐርሰንት! ሳነሳው ደግሞ ጀርባው ያቃጥላል። የፓዱ መብራት ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል። ስክሪኑ ላይ ሙቀቱ ስለበዛ ቻርጅ ማድረግ ቆሟል የሚል ነገር ወጥቷል።

ስልኩ ምን እንደለበሰም ልንገራችሁ። ሁለቴ ወድቆ ስክሪን ካስቀየርኩ በኋላ ወፍራም የጎማ ከቨር ገዛሁለት። በከቨሩና በስልኩ መሀል ደግሞ የክብሪት ቀፎ የምታክል ስስ ብረት አለች። መኪና ውስጥ ማግኔት ያለው የስልክ መያዣ አለኝ፣ እሱ እንዲይዝልኝ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ "ፓዱ ፎርጅድ ነው" ይላል። ከቨር የሸጠኝ ልጅ "ከቨሩን አውልቂው" ይላል። እኔ የማንን ልስማ? ቆጣሪዬ ደግሞ የካርድ ነው፤ ይሄ ነገር መብራት ይበላል ወይ?

---

አቤል44 · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡58

ከቨሩ ነው። ይሄ ጥያቄ የለውም። ወፍራም ጎማ ሞገዱን ያግደዋል። ዋይፋይ በግድግዳ ሲያልፍ እንደሚደክመው በይው። ስስ ከቨር ግዢ፣ አለቀ።

ብረቷን ተያት። እኔም ስልኬ ላይ ብረት አለኝ፣ በፓድ ነው ቻርጅ የማደርገው፣ ምንም ሆኖ አያውቅም። ደግሞም ቻርጀሩ በማግኔት አይደል የሚሠራው? ብረት ማግኔትን ይስባል እንጂ አይከለክልም።

---

ማሚቱ_ለ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

እህቴ ከሁሉ በፊት ፎቶሽን ኮፒ አድርጊ!! ማግኔት ሚሞሪ ያጠፋል። የአክስቴ ልጅ ፍላሽ ስፒከር ላይ አስቀምጦ ሁሉም ነገር ጠፍቶበታል።

---

ጠጋኙ_መገናኛ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡45

ማሚቱ፣ ስልክና ፍላሽ በማግኔት አይደለም መረጃ የሚይዙት። እሱ የካሴትና የድሮ ፍሎፒ ጣጣ ነው። የአክስትሽ ልጅ ፍላሽ በሌላ ምክንያት ሞቶ ይሆናል።

ሰብለ፣ እኔ ስልክ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ያንቺ ዓይነት በወር ሁለት ሦስቴ ይመጣብኛል። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው ተደርበው ያሉት። አቤል ከቨሩን በመጠርጠሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል፣ ምክንያቱን ግን ስቶታል። ብረቷን ነጻ ማውጣቱ ደግሞ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ነው።

ኢንዳክሽን ምድጃ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያ መስታወት ላዩ ያለው። የሸክላ ጀበና ብትጥጂበት ቡናው እስከ ነገ አይፈላም። የብረት ድስት ስትጥጂበት ግን ወዲያው ይግላል። ምድጃው ራሱ እሳት የለውም። ከመስታወቱ ሥር የተጠቀለለ ሽቦ አለ፣ በውስጡ ኮረንቲ በጣም በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ከላይ ብረት ሲያገኝ ብረቱ ውስጥ ሌላ ኮረንቲ እንደ ውሃ አዙሪት ይቀሰቅሳል። ያ አዙሪት ነው ድስቱን የሚያግለው። ሸክላ ኮረንቲ ስለማያስተላልፍ አዙሪት አይነሳበትም።

ፓድሽ የዚያው ምድጃ ታናሽ ወንድም ነው። ውስጡ ጠፍጣፋ ጥቅል ሽቦ አለ፣ እኛ ኮይል እንለዋለን። ስልክሽም ጀርባው ውስጥ ሌላ ኮይል አለው። የግድግዳው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው። የፓዱ ግን ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። ያ ፍጥነት የስልኩ ኮይል ውስጥ ኮረንቲ ይፈጥራል፣ ስልኩ ያንን አስተካክሎ ባትሪው ውስጥ ያስገባዋል።

አሁን በሁለቱ ኮይሎች መሀል ብረት አስቀመጥሽ። ምን ሠራሽ? ምድጃው ላይ ድስት ጣድሽ። ስልክሽ ድስቱ ላይ የተቀመጠ ነው። ብረቷ ለስልኩ የሚሄደውን እየበላች ትግላለች፣ የተረፈው ነው የሚያልፈው።

አቤል ያለው "ብረት ማግኔትን ይስባል" ትክክል ነው። ችግሩም እሱ ነው። ብረቷ ኃይሉን ወደ ራሷ ትስበዋለች፣ ወደ ስልኩ እንዲያልፍ አትለቀውም።

---

አቤል44 · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡52

ታዲያ የኔ ለምን ይሠራል? አሁን እየጻፍኩ እንኳን ስልኬ ፓድ ላይ ነው።

---

ጠጋኙ_መገናኛ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡55

ብረትህ የት ጋ ነው የተለጠፈችው? መሀል ላይ ወይስ ወደ ታች?

---

አቤል44 · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡01

ወደ ታች። ቻርጀር ከሚሰካበት በላይ፣ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ። መያዣዬ አጭር ስለሆነ።

---

ጠጋኙ_መገናኛ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡09

መልሱን ራስህ ሰጠኸው። ኮይሉ የስልኩ ወገብ ላይ ነው ያለው፣ አብዛኛው ስልክ ላይ የጀርባው መካከል አካባቢ። ያንተ ብረት ከኮይሉ ውጭ ናት። የሰብለ በትክክል ላዩ ላይ ናት።

---

ሰብለ_ካዛንቺስ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ደህና አደራችሁ። ማታ ብረቷን አወጣኋት፣ ከቨሩን ግን እንዳለ ተውኩት። 5 ሰዓት ላይ 28 ነበር፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ 100 ሆኖ አገኘሁት። ቀዩ መብራት የለም። አሁንም ግን ይሞቃል። እንደዚያ ቀን አያቃጥልም እንጂ ለብ ከማለት ያልፋል።

ከከቨሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ብረቷ የነበረችበት ቦታ ጠይም ሆኗል፣ ጎማው ትንሽ ለስልሷል። ደነገጥኩ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ብረቷ ያን ያህል ከበላች መብራቱ ለምን ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል? ፓዱ ያውቃል ማለት ነው?

---

ተካ_ፊዚክስ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ልጄ ሰብለ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ፊዚክስ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። የልጅ ልጄ ፓድ ስላለው በዚህ ጉዳይ ጥቂት ተጫውቼበታለሁ።

አዎ፣ ያውቃል። ስልኩና ፓዱ ይነጋገራሉ። ለዚህ ብሉቱዝ አያስፈልጋቸውም፤ በዚያው በኮይሉ በኩል ነው። ስልኩ የሚስበውን ጫና በትንሹ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ፓዱ ያንን እንደ ቋንቋ ያነባል። ስልኩ በየጊዜው "ጨምርልኝ" ወይም "ቀንስልኝ" ይላል። ደግሞም "ይህን ያህል ደርሶኛል" ብሎ ሪፖርት ያደርጋል።

ፓዱ ምን ያህል እንደላከ ያውቃል። ከላከው ላይ የደረሰውን ይቀንሳል። ጥቂት ቢጎድል በመንገድ ላይ የሚጠፋ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጉድለቱ ከልክ ሲያልፍ ግን "መሀል ላይ የሚበላ ነገር አለ" ብሎ ያቆማል። ቀዩ መብራት እሱ ነው። ይህ ደንብ 'ቺ' የሚባለው የዓለም አቀፍ መስፈርት አካል ነው፣ የመጀመሪያው ቅጂ በ2010 በፈረንጆቹ የወጣው። መስፈርቱን በትክክል ያልተከተለ ርካሽ ፓድ ግን ሂሳቡን ላይሠራው ይችላል። ያኔ ብረቷ ዝም ብላ ትግላለች።

ያንቺ ፓድ ይቆማል፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይቆማል። ስልኩም በበኩሉ ሲግል አልቀበልም ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲወዛገቡ ነው ያደሩት። ሰባቷ ፐርሰንት በየጭቅጭቁ መሀል ሾልካ የገባች ናት።

ስለዚህ ባልደረባሽ ፎርጅድ ያለው ፓድ ሥራውን ሠርቷል። ፎርጅድ ቢሆን ኖሮ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሊያድር ይችል ነበር።

---

አቤል44 · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡48

እሺ ስለ ብረቱ ተሸነፍኩ። 😅 ግን ከቨሩ ያግዳል ያልኩት ልክ ነው አይደል? ሲወጣ ይሻላል፣ ሁሉም ሰው ይለዋል።

---

ተካ_ፊዚክስ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡35

አቤል፣ ሲወጣ መሻሉ እውነት ነው። "ያግዳል" የሚለው ነው ልክ ያልሆነው። ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ ቆዳ፣ እንጨት ለዚህ ነገር እንደሌሉ ናቸው። በምትካቸው ባዶ አየር ቢኖር ውጤቱ አንድ ነው። ጉዳዩ ርቀት ብቻ ነው።

ይህን ላረጋግጥ ብዬ ወረቀት ተጠቀምኩ። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አሥሩ ሲደረብ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአዳፕተሩና በፓዱ መሀል ስንት ዋት እንደሚያልፍ የምታሳይ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ሰካሁ። የኔ ፓድ ዘገምተኛው 5 ዋት የሚሰጠው ነው። ስልኩ ያለ ከቨር ፓዱ ላይ ሲቀመጥ መለኪያዋ 7 ዋት አካባቢ አሳየች። ከዚያ ውስጥ ባትሪው የሚያገኘው 4 ተኩል ገደማ ነበር። ሃያ ወረቀት መሀል ሳስገባ ብዙም አልተለወጠም። አርባ ሲሆን ወደ 9 ዋት ወጣ፤ ባትሪው የሚያገኘው ግን ያው 4 ተኩል ነው። ስድሳ ላይ መጀመር፣ ማቆም፣ መጀመር፣ ማቆም። ሰባ ላይ ጭራሽ አላየውም።

አርባው ወረቀት ላይ ምን እንደሆነ ልብ በል። ስልኩ ያው መጠን ነው የሚፈልገው። ኮይሎቹ ሲራራቁ ከፓዱ የሚወጣው ኃይል አብዛኛው የስልኩን ኮይል ሳይነካ ይመለሳል። ስለዚህ ስልኩ "ጨምር" ይላል፣ ፓዱ በራሱ ሽቦ ውስጥ ብዙ ኮረንቲ ይነዳል። ሽቦ ደግሞ ኮረንቲ ሲበዛበት ይሞቃል፣ ሙቀቱም ከኮረንቲው በላይ ነው የሚያድገው፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ያ የተጨመረው 2 ዋት የሄደው ወደዚያ ነው።

ቁጥሮቹ የኔ ፓድና የኔ ርካሽ መለኪያ ናቸው። የአንተ ትንሽ ይለያል። አብዛኞቹ አምራቾች ከቨሩ ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራሉ፣ ከኔ ወረቀት ጋር አይጣላም።

ከከፍታው ሌላ ወደ ጎን መንሸራተትም ያው ነው። ስልኩን ከመሀል አንድ ሴንቲ ሜትር ብታዛንፈው ውፍረት የጨመርክ ያህል ነው። ሌሊት ስልኩ ንዝረት ላይ ሆኖ መልእክት ሲገባበት ቀስ እያለ እየተንሸራተተ ከመሀል ይወጣል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው።

---

ጠጋኙ_መገናኛ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡50

መምህር፣ እጅዎ ይባረክ። የወረቀቷን ነገር ነገ ሱቄ እሠራታለሁ።

አንድ ልጨምር። ወፍራም ከቨር ሌላም በደል አለው። ስልኩ በጀርባው ነው ሙቀት የሚያስወጣው። ጎማ ስታለብሺው ጋቢ ደረብሽለት ማለት ነው። በፓድ ሲሆን ደግሞ ጀርባው ከሚሞቅ ነገር ጋር ተጣብቋል። መውጫ የለውም።

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ከ45 ዲግሪ በላይ እንዲሆን አይፈለግም። ስልኩ ገና ከዚያ በፊት ነው ፍጥነቱን የሚቀንሰው። "15 ዋት ይላል ግን ይጎተታል" ብለው የሚያመጡልኝ ብዙዎቹ ይሄ ነው ታሪካቸው። የቀሩት ፓዱን ከአሮጌ አዳፕተር ጋር የሰኩ ናቸው። 15 ዋት ፓድ ራሱ ከ15 በላይ መቀበል አለበት። በ5 ዋት አዳፕተር ከሰካሽው ከየት ያመጣዋል?

---

ሀያት_ዱባይ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡15

እኔ ደግሞ የራሴን ላምጣ። መኪናዬ ዳሽቦርድ ውስጥ አብሮት የተሠራ የቻርጅ ቦታ አለው። እዚህ ዱባይ ብርድ በሚሆንበት ወቅት እንደ ጉድ ይሠራል። ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይቆማል። ከቨር የለኝም፣ ብረት የለኝም። መካኒኩ ፓዱ ተበላሽቷል ብሎ የማይቀመስ ዋጋ ጠራልኝ።

በአጋጣሚ አንድ ቀን የኤሲውን አፍ ወደ ታች ሳዞረው፣ ነፋሱ ስልኩ ላይ መጣ፣ ቻርጁ ሳይቆም ሥራዬ ድረስ ሄደ። እስካሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። መቀየር አለብኝ?

---

ጠጋኙ_መገናኛ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡40

አትቀይሪ። ፓዱ ደህና ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ስልኩ ገና ከመነሻው ሞቋል፣ የፓዱ ሙቀት ሲጨመርበት ገደቡን ያልፋል። ኤሲሽ ነው መድኃኒቱ። መኪናው እስኪቀዘቅዝ አሥር ደቂቃ ጠብቀሽ ብታስቀምጪው ደግሞ የተሻለ። ቸኩለሽ ከሆነ በገመድ፤ በገመድ ሲሆን በጀርባው የሚፈጠረው ሙቀት ያነሰ ነው።

---

ቶማስ_ሜሪላንድ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡05

እዚህ እኛ ጋ ብዙ ሰው ኬዙ ጀርባ ላይ የባንክ ካርድ ይከታል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ፓድ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ የቢሯችን መግቢያ ካርድ ሞተች። ሁለተኛ አወጡልኝ፣ እሷም ሞተች። ሦስተኛዋን ስጠይቅ ዘበኛው በጥርጣሬ አየኝ። 😂

ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። የአብዛኞቹ አይፎኖች ጀርባ ራሱ ማግኔት አለበት፣ ከ12 ጀምሮ። እንዲያውም ቻርጀሩ በማግኔት ነው የሚጣበቀው። ብረት ክፉ ከሆነ እነሱ እንዴት ሆነላቸው?

---

ጠጋኙ_መገናኛ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ቶማስ፣ የመግቢያ ካርድ ውስጥም ቀጭን ኮይል አለ። በርህ ላይ ያለው ማንበቢያ የሚቀሰቅሳት በጣም ትንሽ ኃይል ነው። አንተ ፓድ ላይ ጋገርካት። የመግነጢስ ጥቁር መስመር ያላቸው ካርዶችም አይወዱትም። ካርድ ከሆነ አውጥቶ ነው ቻርጅ ማድረግ።

ስለ አይፎኑ፣ ብዙ ከፍቻለሁ፣ ያየሁትን ልንገርህ። ማግኔቶቹ የኮይሉ ላይ አይደሉም፣ ዙሪያውን ነው ያሉት። ኮይሉ መሀል ነው፣ እነሱ እንደ ሰፌድ ጠርዝ ከበውታል። ደግሞ አንድ ወጥ ቀለበት አይደሉም። ብዙ ትናንሽ ቁርጥራጮች ናቸው፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ። ወጥ ቀለበት ቢሆን ኮረንቲ ዙሪያውን ሊሽከረከርበት ይችል ነበር። ሲቆራረጥ መንገዱ ይዘጋል።

ከኮይሉ ጀርባ ደግሞ ስስ ጥቁር ሉህ አለ። ፌራይት እንለዋለን፣ አዲሶቹ ላይ ሌላ ዓይነት ነው፣ ሥራው ግን አንድ ነው። የማግኔቱን ኃይል ይቀበልና ወደ ኮይሉ ይመልሰዋል፣ ወደ ባትሪውና ወደ ቦርዱ እንዳያልፍ። ባትሪውም ቦርዱም ብረት አለባቸው፣ ያለዚያች ሉህ እነሱም ድስት ይሆኑ ነበር።

የሰብለ ብረት ከዚህች ሉህ ኋላ ብትሆን ምንም አልነበረም። ግን በፓዱ በኩል ነው ያለችው። ከጋሻው ፊት።

ወደ ጎን ላውጋችሁ፦ የተሰበረ የጀርባ መስታወት የሚቀይሩ አንዳንድ ልጆች አሉ፣ ኮይሉን ሲያነሱ ሉሁ ተቀዶ ይቀራል፣ ወይ አጣጥፈው ይለጥፉታል። ደንበኛው "መስታወት ካስቀየርኩ ወዲህ በፓድ ሲሆን ይግላል" ብሎ ይመጣል። ከፍቼ ሳየው ሉሁ ግማሹ የለም። መስታወት ልታስቀይሩ ከሆነ አሮጌውን ከማስረከባችሁ በፊት በፓድ ሞክሩት፣ ስትረከቡም እዚያው ሱቁ ውስጥ እንደገና ሞክሩት።

---

ሰብለ_ካዛንቺስ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡15

ስለ ቆጣሪው ግን ማንም አልመለሰልኝም። 🙂 የ9ና የ4 ተኩል ነገር ሳነብ ግማሹ ጠፋ ማለት አይደል?

---

ተካ_ፊዚክስ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

ልጄ፣ ረስቼሽ አይደለም፣ ሒሳብ እየሠራሁ ነበር።

4000 ሚሊ አምፔር የሚል ባትሪ ሲሞላ 15 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። በገመድ ስትሞይው ከግድግዳው 20 ገደማ ይወጣል፣ አዳፕተሩም ስልኩም ትንሽ ትንሽ ስለሚያባክኑ። በፓድ፣ ያለ ከቨር፣ 28 ገደማ። ልዩነቱ 8 ዋት ሰዓት ነው። በየቀኑ ከባዶ እስከ ሙሉ ብትሞይ በዓመት 3 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል። ስለዚህ የዓመቱ ብክነት በሙሉ ምጣድሽ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሚበላው ነው። ለቆጣሪሽ አትጨነቂ።

ግን መብራት ሲጠፋ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ከፓወር ባንክ ነው የምትወስጂው፣ የተቆጠረ ነው። 10 ሺህ የሚለው ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል። ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ ትንሽ ይጥላል፣ 33 በይው። በገመድ ከሆነ ስልክሽን ሁለቴ ለመሙላት ይጠጋል። ያንኑ ፓወር ባንክ ከፓዱ ጋር ብታገናኚው አንድ ጊዜ ተኩል አይሞላም። በወፍራም ከቨር ከሆነ ደግሞ አንዴ ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል። ጀርባቸው ላይ ፓድ ያላቸው ፓወር ባንኮችም ያው ናቸው፤ የተጻፈባቸው ቁጥር በገመድ የሚገኘውን እንጂ በፓድ የሚገኘውን አይናገርም።

---

አቤል44 · ረቡዕ፣ ማታ 3፡12

መምህር፣ ታዲያ ያ ሁሉ ሙቀት ባትሪ አይገድልም? እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በፓድ ብቻ ነው ያደረግኩት። የባትሪ ጤናዬ 87 ይላል። የሚስቴ ስልክ ያው ሞዴል፣ ያው ወር ነው የገዛነው፣ እሷ በገመድ ብቻ፣ 83 ነው። እንዴት ነው ይሄ?

---

ጠጋኙ_መገናኛ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ሚስትህ ስልኩን ቻርጅ እያደረገች ቪዲዮ ታያለች?

---

አቤል44 · ረቡዕ፣ ማታ 3፡33

ሙሉ ሌሊት። 😂

---

ተካ_ፊዚክስ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡50

ስለዚህ የአንተና የሷ ስልክ አንዱን ከሌላው አይለይልንም። ሙቀት ባትሪ ያስረጃል፣ ይህ የታወቀ ነው። ግን ሙቀቱ ከፓድ ብቻ አይደለም የሚመጣው። በፈጣን ቻርጀር ጨዋታ የሚጫወት ሰው ስልክ፣ በፓድ ጠረጴዛ ላይ ካደረ ስልክ በላይ ይሞቃል። እኔ ፓድ ብቻውን ስንት ዓመት ይቀንሳል ብሎ ለሚጠይቀኝ ቁጥር አልሰጥም።

---

ጠጋኙ_መገናኛ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡58

እኔ ግን ከመምህር ትንሽ እለያለሁ፣ በአክብሮት። ሱቄ የሚመጡት ያበጡ ባትሪዎች ላይ በመኪና ፓድና በወፍራም ከቨር የኖሩት ይበዙብኛል። ቆጥሬ አልጻፍኩም። ዓይኔ ነው የሚለኝ።

---

ሰብለ_ካዛንቺስ · ሐሙስ፣ ማታ 2፡30

የመጨረሻ ሪፖርት። ዛሬ ከቨሩንም አውልቄ ሞከርኩት። ያለ ከቨር፣ ያለ ብረት፣ መሀል ላይ አስተካክዬ። ከ30 ወደ 80 ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፣ ጀርባው ለብ ብሏል ብቻ። ከቨሩን መልሼ ሳስገባ ደግሞ ሁለት ሰዓት ከሩብ። የከቨሩን ውፍረት በልጄ ማስመሪያ ለካሁት፣ አራት ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ልክ የመምህር አርባ ወረቀት!

አሁን የቀረኝ መኪናው ነው። እንደ አቤል ብረቷን ወደ ታች ለጠፍኳት። ቻርጁ ይሠራል፣ ቀይ የለም። ነገር ግን ስልኩ ላዩ ከበደ፣ መያዣው ላይ ጎንበስ ይላል። ዛሬ መንገድ ላይ ጉብታ ስዘል ተነቅሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ፍሬን አጠገብ!

---

ቶማስ_ሜሪላንድ · ሐሙስ፣ ማታ 2፡44

እዚህ ቀለበት የሚመስል ብረት ይሸጣሉ፣ መሀሉ ባዶ የሆነ። ኮይሉ በባዶው በኩል ይተነፍሳል። ወንድምሽ ሲመጣ ያምጣልሽ።

---

ጠጋኙ_መገናኛ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡02

ቀለበቷ ከመሀል ብረቷ እጅግ ትሻላለች። ስትገዢ ግን አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠች መሆኗን እዪ፣ ዙሪያውን የገጠመች ከሆነች ኮረንቲ ይሽከረከርባታል። ስትለጥፊም ፓዱ ላይ አስቀምጠሽ፣ ቻርጁ ሲጀምር እያየሽ ማዕከሉን ፈልጊ፤ በግምት አትለጥፊ። አንዳንድ ፓድ በቀለበትም ቢሆን ያኮርፋል፣ ያንቺ የትኛው እንደሆነ ሳይሞክሩት አይታወቅም።

እስከዚያው ግን እባክሽ መያዣውን በክንዱ የሚጨብጠው ዓይነት አድርጊው። ብረት አይፈልግም። ፍሬን ሥር የወደቀ ስልክ ከጋለ ስልክ ይብሳል።

---

ማሚቱ_ለ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

ፎቶውን ግን ኮፒ አደረግሽ?

---

ሰብለ_ካዛንቺስ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡26

አደረግኩ ማሚቱዬ። 😄 ስልኩ እግሬ ሥር ሲወድቅ መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን ነው።